የማሲንቆው ድምፅ የት ይገባል? በቪዲዮ ጥሪ ሳስተምር የያዝኩት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

በዚህ ክረምት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ማሲንቆ እያስተማርኩ ነው። የምንገናኘው በዙም ነው፤ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይሆናል። ማሲንቆውን ዘመድ ከዚህ ይዞላቸው ሄዷል። ቆዳው በደንብ የተወጠረ ነው፤ ጭራውም አዲስ ነው። ልጅቱም ክንዷ ልል ነው፤ ለጀማሪ ትልቅ ጸጋ ነው።

የማይሆነው ድምፁ ነው። ደጋኑን መሳብ ስትጀምር ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ክንዷ ግን በስክሪኑ ላይ መሄዱን አላቆመም። ደጋኑን ስትመልስ ድምፁ እንደገና ብቅ ይላል፤ መልሶም ይሰምጣል። ያን ያህል ረጅም ድምፅ እኔ የምሰማው እንደ አጫጭር ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ እጣኑ ያነሳት መስሎኝ ደጋኑን ደግማ እንድትቀባ ነገርኳት። እጣን ያነሰው ደጋን ግን ከመነሻውም ይንሸራተታል እንጂ ደህና ጀምሮ መሐል ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ጉዳዩ ከደጋኑ ሳይሆን ከጥሪው ነው።

ምክንያቱን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የጥሪ ፕሮግራሞች ጫጫታ ማጣሪያ የተሠራው ለንግግር ነው። የሰው ንግግር በየቃሉ ይቆራረጣል፤ ከፍ ዝቅ ይላል። የአየር ማቀዝቀዣ፣ የፍሪጅ ወይም የሞተር ድምፅ ግን ሳይለዋወጥ ይቆያል። ማጣሪያው ሳይለዋወጥ የሚቆየውን ነገር ጫጫታ ነው ብሎ ይቀንሰዋል። በአንድ ደጋን የተሳበ ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ደግሞ በዚህ መለኪያ ከፍሪጅ ብዙም አይለይም። ደጋኑ ሲመለስ የሚሰማው አዲስ አነሳስ ያልፋል፤ ምክንያቱም ለውጥ አለው። ተከትሎት የሚመጣው የረጋ ድምፅ ግን ይታፈናል።

በዚያው ሳምንት፣ ከእናቷ ጋር

«ጋሼ፣ የእርስዎ ማሲንቆ እኮ እኛ ዘንድ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማን» አሉኝ እናቷ። «ታዲያ የእሷ ለምን አልደረሰዎትም?»

መልሱ በዚያው ጥያቄ ውስጥ ነው። ማጣሪያው የሚሠራው በላኪው ወገን ነው። የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር የራሱን ማይክሮፎን ድምፅ አጣርቶ ይልካል። እኔ ማጣሪያዬን ካጠፋሁ ቆይቻለሁ፤ በዚህ የተጠቀሙት ግን እነሱ ናቸው። እኔ የልጅቱን ድምፅ በትክክል እንድሰማ መስተካከል ያለበት የእነሱ ኮምፒውተር ነው። ሙዚቃ የሚያስተምሩ ባልንጀሮቼ በብዛት የራሳቸውን ብቻ አስተካክለው ይቀመጣሉ። በትምህርት ላይ ግን ሲበዛ የሚመዘነው የተማሪው ድምፅ ነው እንጂ የመምህሩ አይደለም።

ለእናቷ መንገዱን ጽፌ ላክሁላቸው፦ በዙም Settings ውስጥ Audio፣ እዚያ Audio profile በሚለው ሥር Original sound for musicians የሚለውን መምረጥ። ሲመረጥ ከሥሩ ሦስት ሳጥኖች ይታያሉ፦ High-fidelity music mode፣ Echo cancellation እና Stereo audio። ለጊዜው የመጀመሪያው ላይ ብቻ ምልክት እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ስቴሪዮ ለአንድ ማይክሮፎን ለአንድ ማሲንቆ ምንም አይጨምርም። በተጨማሪም Automatically adjust microphone volume የሚለውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ካልተነሳ ፕሮግራሙ ቀስ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ልጅቱ ደጋኑን ስታጠብቅና ስታላላ ልዩነቱን ይሰውርብኛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በጥሪው መስኮት ላይ Original sound for musicians የሚለው ቁልፍ On መሆኑ መታየት አለበት። ማውጫው ውስጥ መምረጥ ቁልፉን ያመጣል እንጂ ሁልጊዜ በርቶ ይገኛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ትምህርት ስንጀምር ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቃት እሱን ነው።

የረጅሙ ደጋን ሙከራ

የትኛው ምርጫ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ቀላል ሙከራ አዘጋጀሁ። ልጅቱ ጣት ሳታሳርፍ ባዶውን ገመድ በአንድ ደጋን ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ትስባለች፤ ቆም ትላለች፤ ከዚያ ይህንኑ በጣም አሳንሳ ትደግማለች። እናቷ አጠገቧ ሆነው በስልካቸው መቅጃ ይቀዳሉ፤ እኔም በጥሪው የሚደርሰኝን እቀዳለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሰማ መንገድ ላይ የጠፋው ነገር ይታወቃል።

ማጣሪያው ፕሮግራሙ በራሱ በሚወስነው Auto ላይ ሲሆን የሚሰማው ከላይ የጻፍኩት ነው፤ ደህና መነሻ፣ ከዚያ መስጠም። ዝቅ ባለው Low ላይ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይደርሳል፤ ነገር ግን ቀጭን ነው፤ አሳንሳ የሳበችው ደግሞ ጫፉ ተቆርጧል። ከዚያ ወደ High ወሰድነው። ይህ የውሻ ጩኸትና የቁልፍ ሰሌዳ ኳኳታ ሳይቀር ለማጥፋት የታሰበ ነው፤ ማሲንቆውም አብሮ ሄደ። አልፎ አልፎ የደጋኑ መመለሻ ብቻ ይሰማል።

ያልተጣራው ድምፅ ሲበራ ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው። ያልጠበቅሁት ግን ጉድለቷ ጎልቶ መምጣቱ ነው። ደጋኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ክንዷን ትጫነዋለች፤ ያ የሚፋቅ ድምፅ ይሰማል። በማጣሪያው ዘመን ይህ ፍቅፍቅታ ከጫጫታው ጋር ተጠርጎ ስለሚወጣ እጇ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። ማጣሪያ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ያጠፋል፤ መምህር ደግሞ የሚፈልገው ስህተቱን ነው።

የድምፁ መጠን ላይ አንድ ነገር ጨመርን። ራስ ሰር ማስተካከያው ስለተነሳ መጠኑን በእጅ መወሰን ግድ ነው። እስከምትችለው አክርራ እንድትመታ አድርጌ የማይክሮፎኑ መለኪያ ጫፉ ድረስ እንዳይሞላ መጠኑን ዝቅ አስደረግሁ። መለኪያው ሞልቶ ከፈሰሰ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ በእኔ በኩል የሚጠገን ነገር የለም።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ሁሉም በርቶ ድምፁ የጠፋበት ቀን

ዛሬ ቁልፉ On ነው፤ ማውጫው ውስጥ ሁሉም እንደተውነው ነው፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ይሰጥማል። ኮምፒውተር ቀይረው ነበር። ልጅቱ ዛሬ የተቀመጠችው በአባቷ ማክ ላፕቶፕ ነው።

ማክ የራሱ ማጣሪያ አለው፤ ከዙም በፊት ይቀድማል። በጥሪ ላይ እያሉ ከስክሪኑ አናት ካለው ማውጫ የማይክሮፎን ምርጫ ሲከፈት Standard፣ Voice Isolation እና Wide Spectrum የሚሉ ይገኛሉ። የአባቷ Voice Isolation ላይ ነበር፤ ለቢሮ ስብሰባ የሚመረጥ ነው፤ ከሰው ድምፅ በቀር ሌላውን ሁሉ ይጥላል። ዙም «ያልተጣራ» ብሎ የሚልከው አስቀድሞ የተጣራውን ነበር ማለት ነው። ወደ Standard ሲመለስ ማሲንቆው ተመለሰ። በዊንዶውስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በማይክሮፎኑ ማውጫ ውስጥ Audio enhancements የሚለው ነው፤ እሱን ማጥፋት ነው።

መለያው ይህ ነው፦ የዙም ቁልፍ ሲበራና ሲጠፋ በድምፁ ላይ ምንም ለውጥ ካልተሰማ፣ ከዙም በፊት የሚያጣራ ሌላ ነገር አለ።

የማሚቶው ጉዳይ

ያልተጣራ ድምፅ የራሱ ዋጋ አለው። ሁለታችንም ማጣሪያችንን አጥፍተን፣ ማሚቶ ማጥፊያውም ጠፍቶ በድምፅ ማጉያ ስንነጋገር፣ እኔ የተናገርኩት እነሱ ቤት ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ በማይክሮፎናቸው ይገባና ዘግይቶ ወደ እኔው ይመለሳል። በራሴ ድምፅ እየተቋረጥኩ ማስተማር አልቻልኩም።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው Echo cancellation የሚለውን ምልክት መመለስ ነው። ይህ ማሚቶውን ያስቀራል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው እኩል ድምፅ ሲያሰማ አንዱን ዝቅ ያደርጋል። እሷ እየመታች እኔ «ክርንሽን ዝቅ!» ስል ማሲንቆው ወዲያው ይደበዝዛል። ሁለተኛው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ድምፄ ከጆሮዋ ካልወጣ ወደ ማይክሮፎኑ የሚመለስ ነገር የለም፤ ማሚቶ ማጥፊያም አያስፈልግም። ይህኛውን መረጥን።

ማዳመጫው ባለ ሽቦ መሆን አለበት። ሽቦ አልባው በብሉቱዝ ሲሠራ፣ በተለይ ማይክሮፎኑም ከእሱ ሲወሰድ፣ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ የድምፁ የላይኛው ክፍል ሁሉ ይቆረጣል። እዚያ ላይ ያልተጣራ ድምፅ ማብራት ትርጉም የለውም። በሁለቱም ጆሮ ሲደረግ ደግሞ ልጅቱ የራሷን ማሲንቆ በትክክል አትሰማም፤ ጣቷ የት እንደሚያርፍ የምትወስነው በጆሮዋ ነውና አንዱን ጆሮ ነጻ እንድትተው አደረግሁ።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ

እስካሁን ያወራሁት ስለ እሷ ቤት ነው። የእኔ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ከቀትር በኋላ የሚወርደውን ዝናብ አዲስ አበባ የኖረ ያውቀዋል። ዛሬ ከትምህርቱ መሐል ጀመረ። እኔ ማጣሪያ የለኝም፤ ስለዚህ ዝናቡ እንዳለ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። ልጅቱ ሳቀች፤ እናቷ ግን «እስቲ ይሁን፣ ትንሽ ያሰሙን» አሉ። ትምህርቱ ግን አልሄደም።

እዚህ ላይ ማጣሪያው እውነተኛ ጥቅም አለው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ሳስረዳ ቁልፉን Off አደርጋለሁ፤ ንግግሬ ከዝናቡ ተለይቶ ይሄዳል። ስመታ On አደርጋለሁ። ስመታ ዝናቡ አብሮ እንዳይጎላ ማይክሮፎኑን አቀርባለሁ። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ የማሲንቆውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ የዝናቡ ግን ከጣሪያው ሁሉ ስለሚመጣ ያው ነው። ቀድሞ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ላፕቶፑ ውስጥ የነበረውን ማይክሮፎን ትቼ ባለ ሽቦ ማይክሮፎን ከቆዳው ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት አኖርኩ። ከዚህ በላይ ሲጠጋ የእጣኑ ፍቅታ ይበዛል፤ ደጋኑም ሊመታው ይችላል።

ዶፉ ሲከብድ ይህም አይበቃም። ያኔ ማሳያውን አስቀድሜ ቀድቼ በቴሌግራም እልካለሁ። የድምፅ መልእክት አድርጌ ሳይሆን ፋይል አድርጌ ነው፤ የድምፅ መልእክቱ ለንግግር ተብሎ ይጨመቃል።

ስለ ኢንተርኔት ወጪም እዚሁ ላንሳ። ዙም በሙዚቃ ጥራት በአንድ ቻናል የሚልከው በሴኮንድ 96 ኪሎቢት ነው፤ በሰዓት ወደ 43 ሜጋባይት ይሆናል። ፓኬጁን የሚበላው ድምፁ ሳይሆን ቪዲዮው ነው። መስመር ሲደክም መጀመሪያ የምናጠፋው ምስሉን ነው፤ ማጣሪያውን መልሶ ማብራት የሚቆራረጥ መስመርን አይጠግንም።

ነሐሴ፣ ዱባይ ያለችው ድምፃዊት

ሌላ ተማሪ አለችኝ፤ ዱባይ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ በእረፍት ቀኗ አምባሰልና ባቲ የምትለማመድ። የምትጠራኝ በስልክ ነው፤ ክፍሉን ከሌሎች ጋር ትጋራለች፤ ማቀዝቀዣው አይጠፋም፤ በነሐሴ ሙቀት ይጥፋ ማለትም አይቻልም። ለእሷም ያልተጣራውን ድምፅ አስሞከርኩ። በስልክ ላይ መጀመሪያ ከማውጫው መፈቀድ አለበት፤ ከዚያ ጥሪው ውስጥ ባለው More ሥር ይገኛል። በራ። የደረሰኝ ማቀዝቀዣ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የምታንጎራጉር ሴት።

ለእሷ ማጣሪያው እንዲቆይ ወሰንኩ። የሰው ድምፅ በማጣሪያ ውስጥ ከማሲንቆ የተሻለ ያልፋል፤ ማጣሪያው የሚፈልገው እሱኑ ነውና። አሁን የምንሠራው ቃሉ ከዜማው ላይ የት እንደሚያርፍና ቅኝቱን ሳትለቅ መሄዷ ነው፤ ለዚህ የሚደርሰኝ ድምፅ ይበቃል። የማይደርሰኝ የስንኙ መጨረሻ ነው። ድምፁን እያሳነሰች፣ እያርገበገበች የምትለቅበት ቦታ ላይ ማጣሪያው ይቀድማታል፤ ስንኙ የተቆረጠ ይመስላል። መጀመሪያ ቀን ትንፋሽ አጠረሽ ልላት ከአፌ መለስኩት።

ስለዚህ ለስንኙ መጨረሻ ከጥሪው ውጭ እንሠራለን። በስልኳ መቅጃ፣ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትቀዳና ፋይሉን ትልክልኛለች። ማቀዝቀዣው እዚያም ይሰማል፤ ግን ድምጿን አይበላውም። ይህን ሰምቼ በሚቀጥለው ጥሪ እነግራታለሁ። ትንፋሿ ሙሉ እንደሆነ ያወቅሁትም ከእነዚህ ቅጂዎች ነው። ሽቦ አልባ ማዳመጫዋን ግን አስጣልኳት፤ በእሱ ማይክሮፎን ስታንጎራጉር ማጣሪያ ቢኖርም ባይኖርም ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

መስከረም፣ አብሮ መምታት

የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ድምፁ ከጠራ ወዲህ «ጋሼ፣ አብረን እንምታ» ትላለች። አይሆንም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ መሄጃው ብቻ ከ55 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል፤ እውነተኛው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ሰዎች ምት ጠብቀው አብረው ለመጫወት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሴኮንድ በታች መሆን አለበት። ምንም ዓይነት የድምፅ ምርጫ ይህን አይቀይርም። እኔ እመታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፤ እንደ አዝማሪና ተቀባይ።

መስከረም አጋማሽ፣ ክራር

ታናሽ ወንድሟ ክራር ጀመረ። ክራር በማጣሪያ ውስጥ እንደ ማሲንቆ አይሰጥምም፤ የገመዱ አመታት ድንገተኛ ስለሆነ ያልፋል። ለዚህም ነው ይበልጥ የሚያታልለው። በድርደራ ጊዜ ቀኝ እጅ ገመዶቹን በአንድነት ይመታል፤ የማይፈለጉትን የሚያፍነው የግራ እጅ ጣት ነው። ጀማሪ ጣቱን በትክክል ካላሳረፈ የማይፈለገው ገመድ ከኋላ ይንጫጫል። ማጣሪያው ይህን ንጭንጭታ ጠርጎ ይጥልና ልጁ የሰለጠነ ይመስላል።

ያለ ማጣሪያ ስሰማው ሦስተኛው ገመድ በእያንዳንዱ ምት ይንጫጫል። የቀለበት ጣቱን ወደ ገመዱ መሐል እንዲያስጠጋ ነገርኩት። ትንሽ ተሻለ፤ አራተኛው ግን አሁንም ይቀራል። የክራሩ ማይክሮፎን ከገመዱ ይልቅ ወደ ጣቱ በጣም ስለቀረበ የጥፍሩ ኳኳታ ይበዛል፤ ሳምንት ወደ ቆዳው አዙረን እንሞክረዋለን።